ፊት ለፊት የሚያዩን ቅዱሳን፦ የቢዛንታይን ሥዕል ለምን ጠፍጣፋ ሆነ?

በሲና ተራራ ግርጌ ባለው የቅድስት ካትሪን ገዳም ውስጥ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሣለ አንድ ሥዕለ አድኅኖ አለ። የእንጨት ገበታ ነው፤ ቁመቱ ወደ 68፣ ስፋቱ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቀለሙ በጋለ ሰም ተለውሶ የተቀባ ነው። መካከሉ ላይ እመቤታችን ልጇን በጭኗ አድርጋ በዙፋን ተቀምጣለች። በግራና በቀኟ ሁለት ሰማዕታት መስቀል ይዘው ቆመዋል፤ ጢማሙ ቅዱስ ቴዎድሮስ፣ ጢም ያላወጣው ወጣት ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ እንደሆኑ ይታመናል። ከዙፋኑ ጀርባ ሁለት መላእክት አንገታቸውን ቀና አድርገው ከላይ ወደ ተዘረጋችው የእግዚአብሔር እጅ ይመለከታሉ።

ይህን ገበታ ትኩር ብሎ ላየው ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለው። መላእክቱ የድሮ ግሪክና ሮም ሠዓሊ የሣላቸው ይመስላሉ። አንገታቸው ይዞራል፣ ጉንጫቸው ላይ ብርሃንና ጥላ ይፈራረቃል፣ ብሩሹ ፈጠን ፈጠን እያለ ያለፈበት ይታያል። ሰማዕታቱ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ካባቸው ከትከሻቸው እስከ እግራቸው እንደ ሳንቃ ወርዷል፣ ከሥሩ ሥጋ ያለው አካል መኖሩን ብዙም አያሳይም፤ እግራቸውም ክብደት የተሸከመ አይመስልም። ዐይናቸው ግን እኛ ላይ ነው። እመቤታችን በሁለቱ መካከል ናት። ጉልበቷና ትከሻዋ ክብደት አላቸው፣ ዐይኗ ግን እኛን አልፎ ወደ ጎን ያያል።

ሦስት ዓይነት አሣሣል በአንድ ገበታ ላይ ማለት ነው። «የቢዛንታይን ሠዓልያን ጥልቀት መሣል ስላልቻሉ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል። መላእክቱን እንዲህ አድርጎ መሣል በሚታወቅበት ቤት ሰማዕታቱ ጠፍጣፋ የሆኑት እንዲሆኑ ስለተፈለገ ነው። ያ የተለመደ መልስ ከቢዛንታይን የመጣም አይደለም፤ የርቀትን ስሌት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፍሎረንስ ላይ ከቀመሩትና ከእነሱ በፊት የነበረውን ሁሉ በዚያ ሚዛን ከመዘኑት ጣልያኖች የወረስነው ፍርድ ነው። እኔ ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል፦ በአንድ ገበታ ላይ ማን ጠፍጣፋ ሆኖ ፊት ለፊት ይሣላል? ማንስ ዞር ይላል? ምክንያቱስ ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ከቤተ ክርስቲያን በፊት ወደ ቤተ መንግሥት መሄድ ይሻላል። በ113 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሮም ላይ በቆመው የትራያኖስ ዓምድ ዙሪያ ንጉሡ ደጋግሞ ተቀርጿል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በጎኑ ነው። ወታደሮቹን ያነጋግራል፣ መሥዋዕት ያቀርባል፣ እጅ የሰጡትን ይቀበላል። ሥራ ላይ ስለሆነ እኛን አያየንም። ከዚያ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዘለን ወደ ቢዛንታይን መዲና ወደ ቁስጥንጥንያ እንግባ፤ የዛሬዋ ኢስታንቡል ናት። ዐፄ ቴዎዶስዮስ በ390 ገደማ በፈረስ ግልቢያ ሜዳው ላይ ባቆመው የግብፅ ሐውልት መሠረት ድንጋይ ላይ ንጉሡ ከሹማምንቱ ጋር በሰገነት ተደርድሮ ይታያል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረዋል። ከሥራቸው ተንበርክከው ግብር የሚያቀርቡት የተሸነፉ ሕዝቦች ግን በጎን ተቀርጸዋል። ግብር የሚቀበለው ፊት ለፊት፣ ግብር የሚሰጠው ወደ ጎን። የሥልጣን ሥርዓት በአካል አቀማመጥ ተጽፏል ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የንጉሥ ሥዕል ጌጥ አልነበረም። ንጉሡ ራሱ ሊገኝ በማይችልበት ችሎትና ከተማ በእሱ ፋንታ ይቆም ነበር፤ ሕዝቡም ለሥዕሉ ክብር ይሰጠዋል፣ ሻማ ያበራለታል። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ አብና ወልድ ሲያስተምር ይህንኑ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ምሳሌ አደረገ፦ የንጉሡ ሥዕል «ንጉሥ» ተብሎ ይጠራል፣ ነገር ግን ሁለት ንጉሦች የሉም፤ ለሥዕሉ የተሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ ያልፋል። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ለቅዱሳት ሥዕላት የሚሟገቱ ሰዎች ይህችን አባባል አንሥተው መከራከሪያቸው አደረጓት። እንግዲህ በሲናው ገበታ ላይ የቤተ መንግሥት ዘብ ልብስ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው፣ ፊት ለፊት የቆሙት ሁለቱ ሰማዕታት ለዘመኑ ሰው ወዲያው የሚነበብ ነገር ነበራቸው። በሰማያዊው ንጉሥ ችሎት ዘብ የቆሙ ባለሟሎች ናቸው፤ ልመና የሚቀርበውም በእነሱ በኩል ነው።

አሁን ወደ አቋሙ ራሱ እንመለስ። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ በጎናቸው የምናይ ከሆነ ጉዳዩ የእነሱ ነው፤ እኛ ታዛቢ ነን። ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ሰው ግን ጉዳዩ ከእኛ ጋር ነው። የቢዛንታይን ሠዓልያን ይህን ልዩነት በጥንቃቄ ይሠሩበት ነበር። ታሪክ የሚተርክ ሥዕል ሲሆን፣ ለምሳሌ ልደት፣ ጥምቀት ወይም ብሥራት፣ ሰዎቹ ሦስት አራተኛ ፊታቸውን አሳይተው ይዞራሉ፤ ታሪኩን እርስ በርሳቸው ይፈጽማሉ፣ እኛም ፊታቸውን ሳናጣ እንከታተላለን። የሚጸለይበት ሥዕል ሲሆን ግን ቅዱሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሙሉ በሙሉ በጎን መሣል፣ አንድ ዐይን ብቻ ማሳየት፣ ብዙ ጊዜ የሚተወው ጸሎት ለማይቀርብለት ነው። በምሴተ ሐሙስ ሥዕል ላይ ይሁዳ፣ በሌላ ቦታም አጋንንት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሣላሉ። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በገዳማቶቻችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዐይን፣ ከሓድያንና ሰቃዮች በአንድ ዐይን የሚሣሉበት ሥርዓት የዚሁ ቋንቋ ዘመድ ነው፤ እንዲያውም ከቢዛንታይኑ ይልቅ በጥብቅ ተይዟል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ለእኔ የጉዳዩ ልብ ይኸኛው ነው። በኋላ ዘመን የተሣለ የጣልያን ሥዕል እንደ መስኮት ወደ ውስጥ ይከፈታል። ከሰዎቹ ኋላ ክፍል አለ፣ ከክፍሉ ኋላ መንገድ፣ ከመንገዱ ኋላ ተራራ። ተመልካቹ ከውጭ ቆሞ ወደ ሌላ ዓለም ያያል። በቢዛንታይን ሥዕል ከቅዱሱ ኋላ ወርቅ ብቻ ነው ያለው፤ ወርቁ መንገዱን ይዘጋዋል። ወደ ኋላ መሄድ የማይችለው ቦታ ወደ ፊት ይመጣል። በቅዱሱና በሚጸልየው ሰው መካከል ያለው አየር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል፣ ጧፉ፣ የዕጣኑ ጢስ፣ የሥዕሉ ቦታ እሱ ነው። አቴንስ አጠገብ ባለው በዳፍኒ ገዳም በ1100 ገደማ የተሠራው የብሥራት ሞዛይክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሥዕሉ የተሠራው ከጉልላቱ ሥር ባለ ጎድጓዳ ማዕዘን ላይ ነው። መልአኩ ገብርኤል በአንዱ ጎን፣ እመቤታችን በሌላው ጎን ናቸው። በመካከላቸው ምንም አልተሣለም፤ ወርቅ ብቻ ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ስለጎደጎደ ግን መልአኩ ቃሉን የሚያደርሰው ባዶውን እውነተኛ አየር አሻግሮ ነው። ጥልቀቱን ሠዓሊው አልሣለውም፣ ሕንፃው ሰጠው።

ወርቁም ዝም ብሎ የሚቀመጥ ቀለም አይደለም። ለሞዛይክ ሲሆን ቀጭን የወርቅ ቅጠል በሁለት የብርጭቆ ንጣፎች መካከል ይገባና በትንንሹ ይቆረጣል፤ ከዚያም ቁርጥራጮቹ እርጥብ ኖራ ላይ እየተተከሉ ሲሄዱ ትንሽ ትንሽ ዘንበል እንዲሉ ይደረጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ብርሃኑን በተለያየ አቅጣጫ ይመልሳል። ሰው ሲራመድ፣ የመብራቱ ነበልባል ሲወዛወዝ፣ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል። ዛሬ በመጽሐፍ ገጽና በስልክ መስታወት ላይ የምናየው ጠፍጣፋነት በከፊል የፎቶግራፉ ሥራ ነው፤ እኩል በበራ ኃይለኛ መብራት የተነሣ ሞዛይክ የሞተ ነው። በጧፍ ብርሃን የቅዱሱ አካል ሳይነቃነቅ ይቆይና ዙሪያው ይነቃነቃል። ጸሎት ላይ ላለ ሰው ይህ ግልጽ ነገር ይነግረዋል፦ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው፣ የማያልፈው እዚያ ቆሟል።

በገበታ ሥዕል ላይ ደግሞ ብርሃኑን የሚሠራው የቀለሙ ቅደም ተከተል ነው። በኋለኛው ዘመን በእንቁላል አስኳል በተለወሰ ቀለም የሚሠሩት ሠዓልያን ፊቱን መጀመሪያ በጠቆረ አረንጓዴ መደብ ይሸፍኑታል፤ ከዚያ በላዩ ላይ ፈካ ያለ፣ በዚያም ላይ ይበልጥ የፈካ እያደረጉ ይወጣሉ። በመጨረሻ ከዐይን ሥር፣ በአፍንጫ ዘንግ፣ በግንባር ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ያርፋሉ። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ብትጠይቅ መልስ የለውም። ከመስኮት አልገባም፣ ወለል ላይ ጥላ አይጥልም። ጊዜም ሰዓትም የለውም፤ ጧት ነው ማታ ነው ማለት አይቻልም። ቅዱሱ በሕይወቱ አንድ ቀን አንድ ቦታ የቆመበትን ሁኔታ አይደለም የምናየው፤ አሁን ባለበት ሁኔታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያዎች የሚዘሉት አንድ ዝርዝር አለ። ጠፍጣፋነቱ ለሁሉም ቅዱሳን እኩል አልተሰጠም። በተለይ ሥዕላት በነገሥታት ትእዛዝ ይወርዱበት ከነበረው ከሥዕል ሰባሪዎች ዘመን በኋላ በተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን የቆሙትን ማነጻጸር ይቻላል። ሐዋርያትና ወንጌላውያን ለምድር ምስክር ስለሆኑ ይንቀሳቀሳሉ፣ ልብሳቸውም አካላቸውን ያሳያል። ወታደር ሰማዕታት ደረታቸው ሰፊ፣ አቋማቸው ጠንካራ ነው፤ ለሚጠብቁት ሰው ጉልበት ያስፈልጋቸዋላ። መነኮሳትና ባሕታውያን ግን ከሁሉም ይበልጥ ጠፍጣፎች ናቸው፦ ቀጥ ያለ መስመር፣ የገባ ጉንጭ፣ እጥፋቱ የማይታይ ልብስ። ሥጋውን በጾም ያደከመ ሰው ሥጋ የሌለው ይመስል ተሣለ። በየዋሻው ስለሚጾሙ አባቶች ሲሰማ ያደገ ምእመን አንድ ቃል ሳያነብ ይህ ይገባው ነበር።

እስካሁን ያልሁት በዘመናችን ዐይን የተነበበ ነው። የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው ምን አሉ ብለን ብንጠይቅ ግን ያልጠበቅነው መልስ ይገጥመናል። ሥዕሎቻቸው ጠፍጣፋ ናቸው ብለው አያውቁም። ሕያው ይመስላሉ ነው የሚሉት። በመጋቢት 29 ቀን 867 ፓትርያርክ ፎጢዮስ ቁስጥንጥንያ ውስጥ በሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን በተሠራው አዲስ የእመቤታችን ሥዕል ምክንያት ስብከት አሰማ። ዛሬ በመቅደሱ ጣሪያ ላይ የምናየው ሞዛይክ እሱ እንደሆነ ብዙዎች ይቀበላሉ። ሠዓሊው ከንፈሯን በቀለም ሥጋ አልብሶታል፣ እንዴት በድንግልና እንደወለደች ቢጠይቋት መልስ የምትሰጥ ትመስላለች አለ። ልጇንም በእናት ፍቅር እንደምታየው ተናገረ። በሞዛይኩ ላይ ግን ልጇን አታይም፤ ፊቷ ወደ ሕዝቡ ነው። ፎጢዮስ ዐይኑ ተሳስቶ አይመስለኝም። እሱና አድማጮቹ ከሥዕሉ የሚፈልጉት ሰውየዋ እዚያ መኖሯን ነበር፤ ያን ካገኙ የቀረውን በእምነትና በቃል ይሞሉታል። ለእነሱ ሕያው ማለት ሥጋና ጡንቻው በትክክል ተሣለ ማለት ሳይሆን አለች፣ ትሰማለች ማለት ነበር።

ማየት ራሱ በዚያን ዘመን እንደ መንካት ይቆጠር ነበር። ያው ስብከት ይህን ይናገራል፦ ከዐይን የሚወጣው ጨረር የሚታየውን ነገር ሄዶ ይነካዋል፣ ይዳስሰዋል፣ ያየውንም ወደ አእምሮ ያደርሰዋል። የጥንት ግሪኮች ትምህርት ነው። ይህን የሚያምን ሰው ትልልቅ ዐይን ካለው ፊት ለፊት ከቆመ ቅዱስ ጋር ዐይን ለዐይን ሲገጣጠም ከሩቅ እየተመለከተ አይደለም፤ ተነካክተዋል። ከዚያ ወደ መሳለም፣ ግንባርን ወደ ማስነካት አንድ እርምጃ ብቻ ነው። በቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ተአምራት ውስጥ የምትገኝ አንዲት ሴት በሆድ ሕመም ስትሠቃይ ግድግዳዋ ላይ ከተሣለው ሥዕላቸው ኖራውን ፍቃ በውኃ በጥብጣ ጠጣች፣ ዳነችም ይላል ታሪኩ። ይህ ታሪክ በ787 በኒቅያ በተደረገው ጉባኤ ላይ ሥዕላትን ለመደገፍ ተነብቧል።

ጉባኤው የተጠራው ይህ ሁሉ ቅርበት አደጋ አለው የሚሉ ነገሥታትና ጳጳሳት ስለተነሡ ነው። ከ720ዎቹ እስከ 843፣ በመካከል ዕረፍት ቢኖረውም፣ በግዛቱ ውስጥ ሥዕላት ይወርዱ፣ በኖራ ይሸፈኑ ነበር። የሲናው ገበታ የተረፈው ገዳሙ በዚያን ጊዜ ከቁስጥንጥንያ ነገሥታት እጅ ውጭ፣ በሙስሊሞች ግዛት ውስጥ ስለነበረ ነው። በመጨረሻ ያሸነፉት የሥዕል ወገኖች ሁለት ነገር አጥብቀው አስረዱ። አንደኛ፣ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባ ስግደትና ለሥዕል የሚሰጥ የአክብሮት ስግደት የተለያዩ ናቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጉባኤ ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት አትቆጥረውም፤ «የባሕርይ ስግደት» እና «የጸጋ ስግደት» የሚለውን መለየት ግን አንባቢው ከሰንበት ትምህርት ቤት ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ሥዕሉ ከባለ ሥዕሉ ጋር የሚጋራው መልክንና ስምን ነው እንጂ ባሕርይን አይደለም። በቁስጥንጥንያ የስቱዲዮስ ገዳም አበ ምኔት የነበረው ቴዎድሮስ ይህን በማኅተም አስረዳ፦ የቀለበቱ ማኅተም በሰም ላይ ሲያርፍ ምስሉ አንድ ነው፣ ቀለበቱና ሰሙ ግን አንድ አይደሉም።

ከዚያ በኋላ የተሣሉት ሥዕሎች ለምን ይበልጥ እየተመሳሰሉና እየጠነከሩ እንደሄዱ ይህ በከፊል ይገልጸዋል። መልክና ስም ዋና ነገር ከሆኑ ቅዱሱ ከሩቅ በአንድ እይታ መለየት አለበት። ጳውሎስ ራሰ በራና ሹል ጢም፣ ጴጥሮስ ነጭ ጥቅልል ጠጉር፣ ኒቆላዎስ ሰፊ ግንባርና አጭር ሽበታም ጢም አላቸው። ስማቸው ከራሳቸው አጠገብ ይጻፋል። ፊት ወደ ጎን ቢዞር፣ ግማሹ በጥላ ቢዋጥ መለያው ይጠፋል። ሕልም ያዩ ሰዎች ታሪክ ላይ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ ነገር አለ፦ በሌሊት የታየቻቸውን ቅድስት ወይም የታያቸውን ቅዱስ ያወቁት ከሥዕሉ ጋር ስለተመሳሰለ ነው። ጸሎቱ ለማን እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን አንድ ሺህ ዓመት የቆየ ጥበብ በአንድ ልክ አይሰፋም። ዛሬ ሰሜን መቄዶንያ በምትባለው አገር በኔሬዚ በ1164 በተሠራው የግድግዳ ሥዕል ላይ እመቤታችን የልጇን ሬሳ አቅፋ ጉንጯን ከጉንጩ አጣብቃ ታለቅሳለች፤ ጀርባዋ ጎብጧል፣ ቅንድቧ ተቋጥሯል። ታሪክ ነውና ይተረካል። ስለዚህ በአንድ የቢዛንታይን ሥዕል ፊት ስንቆም «ጠፍጣፋ ነው ወይስ አይደለም» ከማለት ዐይኖቹን መከተል ይሻላል። ማን ማንን ያያል? ማንንም የማያይ፣ እኛን ብቻ የሚያይ አለ? ጸሎቱ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

በቁስጥንጥንያ በኮራ ገዳም ይህን የሚፈትን ሥዕል አለ። ቴዎዶር ሜቶኪቴስ የተባለ ባለ ሥልጣን ከ1315 እስከ 1321 ባለው ጊዜ ገዳሙን አሳድሶ በጎኑ የመቃብር ጸሎት ቤት ሠራ፤ በምሥራቁ ጫፍ ላይ ክርስቶስ ወደ ሲኦል ወርዶ አዳምንና ሔዋንን ሲያወጣ ተሥሏል። አዳምና ሔዋን በሁለት ወገን ከመቃብራቸው ተስበው ሲወጡ አካላቸው ይጣመማል፣ ልብሳቸው ይርገበገባል። የክርስቶስ እግሮች ተራርቀው ሥራ ላይ ናቸው፣ ሁለት እጆቹ የሁለቱን አንጓ ጨብጠዋል። ሩጫና ጉልበት በሞላበት በዚህ ሥዕል ውስጥ የእሱ ፊት ብቻ ወደ አዳምም ወደ ሔዋንም አልዞረም። ቀጥታ ወደ ጸሎት ቤቱ ያያል፤ በግራና በቀኝ ግድግዳ ውስጥ መቃብሮች ባሉበት፣ ዘመዶቻቸው ለሙታኑ ይጸልዩበት በነበረው ወለል በኩል።